ዱባችን ለምን ይበሰብሳል? ከጥቅምት እስከ ዓቢይ ጾም ዱባ የማቆያ ዘዴ

ከ7ኛ ክፍል «ለ»

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ዱባ ነው። «ስለ ዱባ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት በእኔ ጥፋት ዘጠኝ ዱባ በስብሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ከጓሯችን አሥራ አንድ ዱባ ሰበሰብን። እናቴ ግማሹን በነቢያት ጾም ልትሠራልን፣ ግማሹን ደግሞ ዓቢይ ጾም ሲገባ ዱባ ሲወደድ ገበያ አውጥታ በብሩ ለእኔና ለታናሽ እህቴ ጫማ ልትገዛ አስባ ነበር። እኔም ላግዝ ብዬ ዱባዎቹን አንድ በአንድ ጭራቸውን ይዤ ከጓሮ ወደ ቤት አመላለስኩ። ጭቃ ስለነበራቸው በባልዲ ውኃ አጠብኳቸው። እንዳጠብኳቸውም ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከትቼ ጓዳ ጥግ ላይ አቆምኳቸው። ቤቱ ጸዳ፣ እናቴም መረቀችኝ። ወር ገደማ ሲሆን ግን ከጓዳ መጥፎ ሽታ መጣ። ጆንያዎቹን ስንፈታ ከአሥራ አንዱ ደህና የሆኑት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሌላው ከሥሩ ውኃ ሆኖ ጆንያው ላይ ተጣብቋል። ጫማውም በዚያው ቀረ።

እናቴ አልተቆጣችኝም። አያቴ ግን የበሰበሱትን እያየች «አንቺ ልጅ፣ ጭራ ጭራቸውን እየያዝሽ አወጣሻቸው አይደል?» አለችኝ። እንዴት አወቀች ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ብዙዎቹ መበስበስ የጀመሩት ከጭራቸው ሥር ነው። ዘንድሮ እሷ እያሳየችኝ እኔ በደብተር እየመዘገብኩ እንደገና ሠራነው። የጠቅላላ ሳይንስ መምህራችን ቴርሞሜትር አዋሱኝ፤ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያም ያልገባኝን አስረዱኝ። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት ከእነሱ የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ዱባ ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ዱባ ከሐረጉ ከተለየ በኋላም ሕይወት ያለው መሆኑ ነው። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ አተነፋፈስ ስንማር ሕያው ነገር ምግቡን ከኦክስጅን ጋር አድርጎ ጉልበት ያወጣል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ሙቀት ይሰጣል ተብለን የለ? ዱባም እንደዚያው ነው። በዝግታ ይተነፍሳል፤ ትንሽ ትንሽ ውኃና ሙቀትም ያወጣል። አምና እኔ ጆንያ ውስጥ ስከታቸው ያ እርጥበትና ሙቀት መውጫ አጣ። ሻጋታ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቆዳው ነው። ወተት የሚቀመጥበትን ቅል አስቡት። ቅሉ ደህና ከሆነ ወተቱ አይፈስም፤ በመርፌ እንኳ ከተበሳ ግን አበቃ። ዱባም ቆዳው እስካልተከፈተ ድረስ ፈንገስና ባክቴሪያ በቀላሉ ወደ ውስጥ አይገቡም። ከተጫረ፣ ከተፈነከተ ወይም ጭራው ከተነቀለ ግን በር ተከፈተላቸው ማለት ነው። ስለዚህ ዱባ ማቆየት ማለት ሌላ ምንም አይደለም፤ በሩ እንዳይከፈት መጠንቀቅ፣ የተከፈተ ካለ ደግሞ ቶሎ እንዲዘጋ መርዳት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሥራዎች ሁሉ ለዚሁ ናቸው።

«ጭራ» የምለው ዱባውን ከሐረጉ ጋር የሚያያይዘውን እንጨት መሳይ ነገር ነው። እኛ ቤት እንዲህ ስለምንለው እኔም እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

አንደኛ፦ በደንብ የደረሰውን ብቻ መቁረጥ

ያልደረሰ ዱባ ምንም ቢደረግለት አይቆይም። ቆዳው ገና ለስላሳ ስለሆነ ውኃው ቶሎ ይወጣና ይጨማደዳል፤ ወይም ይበሰብሳል። መድረሱን የምናውቅበት ቀላል ዘዴ የአውራ ጣት ጥፍር ነው። ቆዳውን በጥፍራችን ጫን ስናደርገው ከተበሳ ወይም ጉድጓድ ከሠራ አልደረሰም። ጥፍራችን ተንሸራቶ ካለፈ ደርሷል። አያቴ ግን «ጥፍርሽን ከሥሩ በኩል ሞክሪ፣ ፊቱን አታቁስይው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ለሙከራ ብለን የምንበሳው ቀዳዳም ያው ቀዳዳ ነው።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የደረሰ ዱባ ቆዳው ማብረቅረቁን ትቶ ይደበዝዛል። መሬት ላይ ያረፈበት ቦታ ነጣ ያለ የነበረው ወደ ቢጫ ይቀየራል። ጭራው አረንጓዴና ውኃማ መሆኑ ቀርቶ እየደረቀ እንጨት ይመስላል። በአቅራቢያው ያለው ሐረግና ቅጠልም መጠውለግ ይጀምራል። እኛ ጋ በሰኔ የተተከለው ዱባ እዚህ የሚደርሰው ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ነው። ዘንድሮ ጥቅምት 25 ቀን ቆረጥን።

አቆራረጡ ራሱ ትልቁ ጉዳይ ነው። ዱባን ጠምዝዞ መንቀል አይገባም። በስለታም ቢላዋ ከጭራው ላይ አራት ጣት የሚያህል፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ መቁረጥ ነው። የሚቆረጠውም ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ደረቅ ሲሆን ነው። ከዚያ በሁለት እጅ ከሥሩ አቅፎ መሸከም ነው። ጭራው እጀታ ይመስላል እንጂ እጀታ አይደለም። ስድስት ኪሎ የሚመዝን ዱባ ጭራውን ይዘን ስናነሳው ክብደቱ ሁሉ በዚያች ቦታ ላይ ይወድቃል። ባይነቀል እንኳ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይሠራል። አምና ሙሉ ጭራ የነበራቸው ዱባዎች ሳይቀሩ ከጭራው ሥር የበሰበሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ማጠብም አያስፈልግም። አፈር ካለበት እስኪደርቅ ጠብቆ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ጭቃው በጣም ከሆነና መታጠቡ ግድ ከሆነ በንጹሕ ውኃ አጥቦ ወዲያው በጨርቅ ማድረቅና ፀሐይ ላይ ማዋል እንጂ እንደ እኔ እርጥቡን ጆንያ ውስጥ መክተት አይደለም።

ሁለተኛ፦ መለየት

ዘንድሮ ያገኘነው አሥራ አምስት ዱባ ነበር። አያቴ በሙሉ ግቢው ላይ አስደርድራኝ አንድ በአንድ እያገላበጠች ለየቻቸው። ሁለቱ ጥፍር ያስገባሉ፤ አልደረሱም። አንዱን ጃርት በሌሊት ከጎኑ ግጦታል። የሁለቱ ጭራ ደግሞ ስንቆርጥ ተነቅሎ ቀረ። አሥሩ ግን ጭራቸው ሙሉ፣ ቆዳቸው ደህና ነበር።

ጃርት የበላውን ለላሟ ከታትፈን ሰጠን። ያልደረሱትን ሁለቱን በዚያው ሳምንት ቀቅለን በላን። ጭራ ከሌላቸው አንዱን ወዲያው ወጥ ሠራነው። ሁለተኛውን ግን እኔ «እስቲ ከደህናዎቹ ጋር ይቀመጥና እንየው» ብዬ ለመንኩ። አያቴ «ምን ልታዪበት ነው? ይበሰብሳላ!» አለች። እኔም «እንዴት እንደሚበሰብስ ላየው ነው» አልኳት። ሳቀችና ተወችልኝ። መጨረሻውን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የዚህ ደረጃ ሕግ አጭር ነው፤ ጉዳት ያለበትን ቶሎ መብላት፣ ደህናውን ማስቀመጥ። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ትልቁንና የሚያምረውን መጀመሪያ ይበላና የተጫረውን «ለኋላ ይሁን» ብሎ ያስቀምጠዋል። ለኋላ የሚባለው ግን ለኋላ አይደርስም።

ሦስተኛ፦ ማጠንከር

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። እኔም ባለፈው ዓመት መኖሩን አላውቅም ነበር። ዱባ እንደተቆረጠ ወደ ጓዳ አይገባም። መጀመሪያ ሞቅ ባለና ነፋስ ባለበት ቦታ ለአሥር ቀን ያህል ይቆያል። አያቴ ይህንን «ማጠንከር» ትለዋለች።

ምን ይጠነክራል? በሩጫ ወድቃችሁ ጉልበታችሁ ሲላጥ መጀመሪያ ቁስሉ እርጥብ ነው፤ ከዚያ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ከያዘ በኋላ ቆሻሻ አይገባም። ዱባም ትንንሽ ጭረቶቹ ላይ እንደ ቡሽ ያለ ደረቅ ሽፋን ይሠራል። ጭራው የተቆረጠበት ጫፍ ይደርቃል፤ ቆዳውም ይበልጥ ይጠጥራል። ይህ ሥራ የሚፈጥነው ሙቀት ሲኖር ነው። የግብርና ባለሙያዋ እንዳስረዱኝ ጥሩው ሙቀት ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በዚያ ሙቀት አሥር ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ ቀዝቀዝ ካለ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል።

እኛ ያደረግነው ይህንን ነው። በግቢያችን ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ጭድ በትነን ዱባዎቹን በላዩ ላይ ሳይነካኩ ደረደርናቸው። የመምህራችንን ቴርሞሜትር ጭዱ ላይ አስቀምጬ ሳነብ በእኩለ ቀን ፀሐይ 31 ዲግሪ፣ በጥላ ሥር 24 ዲግሪ አሳየ። ንጋት ላይ ደግሞ ውጪ 7 ዲግሪ ብቻ ነበር! ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግን። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐዩ ሲበረታ በላያቸው ላይ ቅጠል ጣል እናደርጋለን፤ ምክንያቱም ኃይለኛ ፀሐይ አንዱን ጎን ብቻ ከመታው ቆዳው ይነጣና ይቃጠላል፣ የተቃጠለው ቦታም በኋላ ይበሰብሳል። ማታ ደግሞ ወደ ቤት እናስገባቸዋለን። ጠዋት ስናወጣቸው እንገለብጣቸዋለን፤ ሥር የነበረው ጎን ወደ ላይ ይሆናል። አንድ ቀን ሳይታሰብ ካፊያ መጣና ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ሄጄ አስገባኋቸው።

በየቀኑ ማስገባትና ማውጣት አድካሚ ነው፤ አልዋሻችሁም። አሥራ አንድ ዱባ አንድ በአንድ ታቅፎ ሃያ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው። እህቴ ሦስተኛው ቀን ላይ ጠፋችብኝ። እኛ ጋ ሙቀቱ ትንሽ አነስ ስለሚል አሥር ቀን አልበቃንም፤ እስከ ኅዳር 8 ድረስ 13 ቀን ቆዩ።

መጠንከሩ ማለቁን በምን አወቅን? ጭራው ሙሉ በሙሉ ደርቆ ሲጫኑት እንደ እንጨት ይሆናል። ትንንሾቹ ጭረቶች ቡናማ ሆነው ሲነኳቸው ይሻክራሉ እንጂ አይረጥቡም። ሲያንኳኩት ደግሞ ጥርት ያለ፣ ባዶ ዕቃ የሚመስል ድምፅ ይሰጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ዘዴ ቆዳው ለሚጠነክር ዱባ እንጂ ለዝኩኒ አይሠራም። ዝኩኒ የዱባ ዘመድ ቢሆንም የሚበላው በለጋነቱ፣ ቆዳው ጥፍር ሲያስገባ ነው። ፀሐይ ላይ ብናሰጣው ይጠወልጋል እንጂ አይጠነክርም። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይባል የለ? አቀማመጡም ለየቅል ነው።

አራተኛ፦ የማስቀመጫ ቦታ

ከተጠናከረ በኋላ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ሙቀት ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና አየር የሚዘዋወርበት ጨለም ያለ ቦታ። ባለሙያዋ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይመረጣል ብለውኛል። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ዱባው አተነፋፈሱ ስለሚፈጥን ምግቡን ቶሎ ይጨርሳል፤ ሥጋው ደርቆ ጭረት ጭረት ይሆናል። ከ10 ዲግሪ በታች ለብዙ ቀን ከቆየ ደግሞ ብርድ ይመታዋል። ብርድ የመታው ዱባ ዕለቱን ምንም አይመስልም፤ ከቀናት በኋላ ግን ቆዳው ላይ የጎደጎዱ ነጠብጣቦች ይወጡና ከዚያ መበስበስ ይጀምራል። «ዱባ ውጪ በረንዳ ላይ ቢያድር ምን ይሆናል?» የምትሉ ካላችሁ፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት የሚሆነው ይኸው ነው።

ቴርሞሜትሩን ይዤ ቤታችንን ዞርኩ። ማድ ቤት ከምድጃው በላይ ሞቃት ነው፤ እንጀራ ሲጋገር ደግሞ እንፋሎት አለው። ጓዳ ግን ጠዋት 13፣ ከሰዓት በኋላ 19 ዲግሪ አሳየ። ከሰዓቱ ከሚፈለገው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ከቤታችን የተሻለው እሱ ነው። እዚያ አባቴ ከባሕር ዛፍ አጣና ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ያለ ቆጥ ሠራ። በአጣናዎቹ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት አለ፤ አየር ከሥርም እንዲያገኝ ነው። በላዩ ስስ ጭድ አደረግንና ዱባዎቹን በአንድ ረድፍ ብቻ ደረደርን። አንዱ በሌላው ላይ አይደረብም። ጎን ለጎንም ቡጢ የሚያሳልፍ ቦታ ይተዋል፤ አንዱ ቢበሰብስ ወደ ጎረቤቱ እንዳይሻገር።

ባዶ መሬት ወይም ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም። መሬቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ዱባው ያረፈበት ቦታ ላይ እርጥበት ይጠራቀማል፤ መበስበስም ከማይታየው ከሥር ይጀምራል። ሙዝ የሚበስልበት ክፍልም አይሆንም። ሙዝ ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ያ ጋዝ የዱባን እርጅና ያፋጥናል፣ ጭራውም እንዲላቀቅ ያደርጋል። እናቴ ሙዝ ገዝታ ቆጡ ላይ ስታስቀምጥ «እማዬ፣ ኤትሊን!» ብዬ ብጮህ «ደግሞ ይኼ ማነው?» አለችኝ።

አምስተኛ፦ በየሳምንቱ መጎብኘት

ዱባ ተቀምጦ የሚረሳ ነገር አይደለም። እኔ በየቅዳሜው ጠዋት እያንዳንዱን በሁለት እጄ አንስቼ ሥሩን አያለሁ፣ የጭራውን ዙሪያ በጣቴ ቀስ ብዬ እጫናለሁ፣ አሸተዋለሁ። የምፈልገው አራት ነገር ነው፦ ሲነኩት የሚሰጥም ለስላሳ ቦታ፣ ጠቆር ያለ እርጥብ ነጠብጣብ፣ በጭራው ዙሪያ ነጭ ሻጋታ፣ እና የኮመጠጠ ሽታ። ከአራቱ አንዱን ካየሁ ዱባው በዚያው ሰዓት ከቆጡ ይወርዳል።

የወረደው ይጣላል ማለት ግን አይደለም። ለስላሳው ቦታ የሳንቲም ያህል ብቻ ሆኖ ሲቆረጥ ውስጡ ጠንካራ፣ ቀለሙ ጥሩ፣ ሽታ የሌለው ከሆነ እናቴ የተበላሸውን ከዙሪያው ጭምር ሰፋ አድርጋ ቆርጣ ትጥልና ቀሪውን ያኔውኑ ታበስላለች። ውስጡ ውኃ ከሆነና ከሸተተ ግን ለሰው አይሆንም፤ የማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ደህናው ዱባም ቢሆን አንዴ ከተቆረጠ ቆዳው ተከፍቷልና ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። እኛ ትልቁን የምንቆርጠው እንግዳ ሲኖር ወይም ከጎረቤት ጋር ስንካፈል ነው።

የደብተሬ መዝገብ

አሁን ቃል ወደ ገባሁላችሁ እንምጣ። ኅዳር 8 ቀን ቆጡ ላይ የወጡት አሥር ባለ ጭራና አንድ ጭራ የሌለው፣ በድምሩ አሥራ አንድ ናቸው። ልክ እንደ አምናው አሥራ አንድ!

ጭራ የሌለው ዱባ መጀመሪያ ላይ የሚያሸንፍ መስሎኝ ነበር። ቀዳዳው ደርቆ ቅርፊት ይዞ ነበርና። ኅዳር 29 ቀን ግን፣ በተቆረጠ በ34ኛው ቀን፣ የቀዳዳው ዙሪያ ለሰለሰ። ቆርጠን ስናየው ከውጪ የአውራ ጣት ያህል ብቻ የሚታየው ብስባሽ ከውስጥ እስከ ፍሬው ድረስ ወርዷል። ከውጪ ትንሽ መስሎ ከውስጥ ትልቅ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ መንገዱ በጭራው በኩል ቀጥታ ወደ መሐል ነውና። አያቴ ምንም አላለችም፤ ዓይን ዓይኔን አየችኝ እንጂ።

ከአሥሩ ደህናዎች አንዱ ጥር 12 ቀን ከሥሩ በኩል ተበላሸ። ስናገላብጠው ጓሮ እያለ ጠጠር ላይ አርፎ የጎደጎደበት ቦታ ነው፤ ስንለይ አላየነውም ነበር። ቶሎ ስላወረድነውና አጠገቡ ያሉትን ስለማይነካ ወደ ሌላ አልተላለፈም። ሦስቱን በነቢያት ጾምና በጥር ወር በላን። ሁለቱን እናቴ ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል ገበያ ወስዳ ሸጠች። የካቲት 25 ቀን፣ ማለትም ልክ በ120ኛው ቀን፣ አራቱ ቆጡ ላይ ነበሩ። እንግዲህ በአምናው መንገድ ከአሥራ አንድ ዘጠኝ በወር ውስጥ ጠፋ፤ በዘንድሮው ከአሥራ አንድ የጠፋው ሁለት ነው፤ ከሁለቱም አንዱን አውቄ ያስቀመጥኩት ነው።

አንዱን ዱባ ምልክት አድርጌበት በባለሱቁ ሚዛን መዝኜው ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 6 ኪሎ ተኩል፣ የካቲት 25 ቀን 5 ኪሎ ከ800 ግራም ሆነ። 700 ግራም የት ገባ? አልተሰረቀም፤ ተንፍሶ ያወጣው ውኃና የተጠቀመበት ምግብ ነው። ስለዚህ ለሽያጭ የምታቆዩ ሰዎች በኪሎ የምትሸጡ ከሆነ ይህንን አስቡ። በሌላ በኩል ጣዕሙ ተሻሽሏል። በዱባው ውስጥ ካለው ስታርች ብዙው በቆይታ ወደ ስኳር ይለወጣል። የወር ዱባ ከዕለቱ ዱባ የሚጣፍጠው በዚህ ነው። እህቴ ይህንን በሳይንስ ሳይሆን በማንኪያ አረጋግጣለች።

ይህ ሁሉ ሲባል ለዘላለም ይቆያል ማለት አይደለም። እንደ ዱባው ዓይነት አንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ወር፣ ቆዳው በጣም የሚጠጥረው ደግሞ እስከ ስድስት ወር ይሄዳል። አያቴ የራሷ መምረጫ አላት። በየዓመቱ ቆጡ ላይ መጨረሻ የሚቀረውን ዱባ ትቆርጥና ፍሬውን አጥባ፣ ጥላ ሥር አድርቃ፣ በጨርቅ ቋጥራ ለሰኔ ታስቀምጣለች። «የቆየው የሚቆይ ይወልዳል» ነው የምትለው። ከአራቱ አንዱ አሁንም አለ፤ ማንም እንዳይነካው ተብሏል።

ጫማውን ጠየቃችሁኝ? የሁለቱ ዱባ ብር ለሁለት ጫማ አልበቃም። ለእህቴ በቅቷል። የእኔን ለሚቀጥለው ዓመት ቀጥረነዋል፤ ዘንድሮ ጭራው የተነቀለው ሁለቱ ዱባ በሚቀጥለው ዓመት እንዳይነቀል እኔ ራሴ ነኝ የምቆርጠው።

በሉ እንግዲህ፣ በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ። እናንተም ቤት ዱባ ካለ ዛሬውኑ አንሱና ሥሩን እዩት። ታዲያ በሁለት እጅ!